«ከምግቡ ነው ወይስ እየተላለፈ ነው?» የወረርሽኝ ኩርባን ስሎ ማንበብ



በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ድግስ በልተን ከመጣን በኋላ ግማሹን ሰው ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ከምግቡ ነው ወይስ አንዱ ለሌላው እያስተላለፈ ነው?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ መልሱ ግን ቀጥሎ የምናደርገውን ይወስናል። ከምግቡ ከሆነ የተረፈውን ምግብ ማስወገድና ከዚያው የበሉትን ሌሎች ሰዎች መከታተል ነው። እየተላለፈ ከሆነ ደግሞ ምግቡን ብንደፋውም ዋጋ የለውም፤ ታማሚውን ለየት አድርጎ ማስታመም፣ የእጅ መታጠቢያና ሽንት ቤት ላይ መሥራት ይኖርብናል።

የጤና ባለሙያዎች ይህን ለመለየት መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ላብራቶሪ አይደለም። አንድ ሥዕል ይስላሉ። ሥዕሉ የወረርሽኝ ኩርባ ይባላል፣ በሙያው ቋንቋ «ኤፒ ከርቭ»። ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃዋል። ዛሬ አብረን እንሳለው።

✅ ኩርባው እንዴት ይሳላል?

ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የክርስትና ድግስ ነበር እንበል። ከዚያ በኋላ 31 ሰው ታመመ።

መጀመሪያ «ታመመ» የምንለው ማንን እንደሆነ እንወስናለን። ሆዱን ትንሽ የነፋው ሁሉ ከተቆጠረ ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ «በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ የወጣው ሰው» ብለን እንስማማ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ታማሚ የምንጠይቀው «መቼ ጀመረህ?» ብለን ነው። ሐኪም ቤት የሄደበት ወይም የተመዘገበበት ሰዓት አይጠቅመንም፣ የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ነው የምንፈልገው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሰዓቱን እኩል እኩል እንከፋፍለዋለን። የምግብ መመረዝ በሰዓታት ውስጥ ስለሚታይ 6 ሰዓት፣ 6 ሰዓት አድርገን እንክፈለው። አንዷ ሳጥን አንድ ሰው ናት፦

እሑድ ከምሽቱ 12 – ሌሊት 6፦ ■■ 2
ሰኞ ከሌሊቱ 6 – ጠዋት 12፦ ■■■■■■■ 7
ሰኞ ከጠዋቱ 12 – ቀን 6፦ ■■■■■■■■■■■ 11
ሰኞ ከቀኑ 6 – ምሽት 12፦ ■■■■■■ 6
ሰኞ ከምሽቱ 12 – ሌሊት 6፦ ■■■ 3
ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 – ጠዋት 12፦ ■ 1
ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 – ቀን 6፦ ■ 1

ስልኩን ወደ ጎን አዘንብላችሁ ብታዩት ኮረብታ ይታያችኋል። ኩርባው ይሄ ነው።

የክፍፍሉ ስፋት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ይህንኑ መረጃ በሳምንት ብንከፍለው አንድ ረጅም ዓምድ ብቻ ቆሞ ይቀራል፣ ምንም አይነግረንም። በየግማሽ ሰዓቱ ብንከፍለው ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ነጠብጣቦች ይሆናሉ። የተለመደው መንገድ ከበሽታው የኢንኩቤሽን ጊዜ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን መውሰድ ነው። የኢንኩቤሽን ጊዜ ማለት ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ከገባበት ሰዓት አንስቶ የመጀመሪያው ምልክት እስኪታይ ያለው ጊዜ ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

✅ አንድ ኮረብታ፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጋለጡ

የድግሱን ኩርባ እንየው። ቶሎ ወጣ፣ አንድ ጫፍ ነካ፣ ትንሽ ቀስ እያለ ወረደ። ይህ ሁሉም ሰው ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ እንደተጋለጠ የሚያሳይ መልክ ነው።

«ሁሉም በአንድ ሰዓት ከበሉ ለምን በአንድ ሰዓት አልታመሙም?» ትሉኝ ይሆናል። አንዱ ሦስት ጉርሻ፣ ሌላው ሙሉ ሳህን በልቷል። የአንዱ ጨጓራ አሲድ ጠንከር ያለ ነው፣ የሌላው ደከም ያለ። ስለዚህ አንዳንዱ ቶሎ፣ አብዛኛው መሀል ላይ፣ ጥቂቱ ዘግይቶ ይታመማል። ኮረብታው የዚህ ልዩነት ሥዕል ነው። ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ታማሚ እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት ከበሽታው ረጅሙ የኢንኩቤሽን ጊዜ የማያልፈው። የእኛ ከሁለት ቀን በታች ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ላብራቶሪው ሳልሞኔላ ነው አለን እንበል። ሳልሞኔላ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በፊት ምልክት አያሳይም፣ አብዛኛው ሰው የሚታመመው ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሰው የታመመው እሑድ ምሽት 1 ሰዓት ከሆነ፣ 6 ሰዓት ስንቀንስ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያደርሰናል። መጋለጡ ከዚህ ወዲህ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ጫፉ ደግሞ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ብንቀንስ ከቅዳሜ ምሽት 3 እስከ እሑድ ምሽት 3 ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙበት ከቅዳሜ ምሽት እስከ እሑድ ቀን 7 ሰዓት ነው። ቀሪው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ 31ዱም ሰው አብሮ የቀመሰው ምንድን ነው? የድግሱ ምሳ።

በተቃራኒውም ይሠራል። ድግሱ መቼ እንደነበር እያወቅን ጀርሙን ካላወቅን ወደ ፊት እንቆጥራለን። አብዛኛው ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ በትውከት ከታመመ፣ ምግብ ላይ አስቀድሞ የተመረተ የስታፊሎኮከስ መርዝ እንጠረጥራለን። የእኛው መሀል 20 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ወደ ሳልሞኔላና መሰሎቹ ያዘነብላል። ውጤቱ ከላብራቶሪ እስኪመጣ ቢያንስ የት መፈለግ እንዳለብን እናውቃለን።

ከኮረብታው ተነጥላ ብቻዋን የቆመች ሳጥንም አትናቁ። አንዲት ሴት ከድግሱ በፊት፣ ቅዳሜ ሌሊት ታማ ቢሆንስ? ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ወጡን ሲሠራ ቀድማ የቀመሰች ልትሆን ትችላለች። ራሷ ታማ ምግቡን ያዘጋጀች ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ምንጩ እሷ ጋር ነው። ወይም በሌላ ምክንያት የታመመች፣ ከነገሩ ጋር የማትገናኝ ናት። ኩርባው የትኛው እንደሆነ አይነግረንም፣ ግን ማንን ቀድመን ማናገር እንዳለብን ያሳየናል።

✅ ተከታታይ ማዕበል፦ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት

አሁን ደግሞ ሌላ ምሳሌ፣ እሱም ለትምህርት የተፈጠረ። እዚያው ኮልፌ፣ ብዙ ልጆች የኩፍኝ ክትባት ያልወሰዱበት አንድ ሰፈር አለ እንበል። ሽፍታ የወጣባቸውን ልጆች በሳምንት በሳምንት እንቁጠር፦

ሳምንት 1፦ ■ 1
ሳምንት 2፦ 0
ሳምንት 3፦ ■■■■ 4
ሳምንት 4፦ ■ 1
ሳምንት 5፦ ■■■■■■■■■ 9
ሳምንት 6፦ ■■■ 3
ሳምንት 7፦ ■■■■■■■■■■■■ 12
ሳምንት 8፦ ■■■■■■ 6

እዚህ አንድ ኮረብታ የለም። አንድ ልጅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ዘጠኝ። በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሁለት ሳምንት ነው። በኩፍኝ ከተጋለጡበት ቀን እስከ ሽፍታው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ እያንዳንዱ ማዕበል የቀደመው ማዕበል «ልጅ» ነው። የመጀመሪያው ልጅ አራቱን ያዘ፣ አራቱ ደግሞ ዘጠኙን። ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት በሽታ ፊርማው ይሄ ነው፤ ማዕበሎቹ በኢንኩቤሽን ጊዜ ያህል ይራራቃሉ፣ ቁመታቸውም እየጨመረ ይሄዳል።

ከ7ኛው ሳምንት በኋላ ማዕበሎቹ መደበላለቅ እንደጀመሩም አስተውሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይታመም ልዩነቱ እየተጠራቀመ መሀሉ ይሞላል። ስለዚህ ንጹህ ማዕበል የሚታየው መጀመሪያ ላይ ነው። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ የምታዩት እየወጣ የሚሄድ አንድ ትልቅ ተራራ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛው ሳምንት ባዶነትም መረጃ ነው። ታማሚ ያልተገኘበትን ሳምንት ዘላችሁ ዓምዶቹን ብታጠጋጉ ማዕበሉ ይጠፋል። ዜሮ ቦታዋን ትያዝ።

✅ እውነተኛው ዓለም፦ ለንደን 1854

አሁን ምሳሌውን ትተን ወደ እውነተኛ ቁጥር እንሂድ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር፣ ብሮድ ጎዳና ላይ ኮሌራ ገባ። ዶክተር ጆን ስኖው በኮሌራው የሞቱትን ሰዎች መቼ እንደታመሙ በቀን በቀን መዘገበ፦

ኦገስት 30፦ 8
ኦገስት 31፦ 56
ሴፕቴምበር 1፦ 143
ሴፕቴምበር 2፦ 116
ሴፕቴምበር 3፦ 54
ሴፕቴምበር 4፦ 46
ሴፕቴምበር 5፦ 36
ሴፕቴምበር 6፦ 20
ሴፕቴምበር 7፦ 28
ሴፕቴምበር 8፦ 12
ሴፕቴምበር 9፦ 11

ከዚያ በኋላ በቀን ከ5 አይበልጥም።

በሦስት ቀን ውስጥ ከ8 ወደ 143! ከሰው ወደ ሰው ብቻ ሲተላለፍ እንዲህ በአንዴ አይፈነዳም፣ መጀመሪያ ትንንሽ ማዕበሎች እናይ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ጠጥቷል። የኮሌራ ኢንኩቤሽን ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ነው። ከጫፉ ወደ ኋላ ስንቆጥር መጋለጡ በኦገስት የመጨረሻ ቀናት ላይ ይወድቃል። በኋላ ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ሲያጣራ ከውሃ ፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን ኦገስት 28 ላይ በተቅማጥ ታማ እንደነበር፣ እናቷም የዳይፐሯን እጣቢ ከጉድጓዱ ጎን ባለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትደፋ እንደነበር ታወቀ። ቀኑ ኩርባው ካመለከተው ጋር ገጠመ።

ግን ጭራውን ተመልከቱት። ሁሉም በኦገስት 31 ብቻ ተጋልጠው ቢሆን 5 ቀን ቆጥረን ሴፕቴምበር 5 ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ ሴፕቴምበር 7 ላይ እንዲያውም ትንሽ ከፍ አለ። ፓምፑ ክፍት ስለነበር ሰዎች መጠጣታቸውን ቀጥለዋል፣ በየቤቱም አንዱ ከሌላው ተይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ኩርባ በመልኩ የአንድ ጊዜ ምንጭ ይመስላል፣ ጭራው ግን «ምንጩ አልተዘጋም» ይላል።

በጣም የምወደው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። የፓምፑ እጀታ የተነቀለው ሴፕቴምበር 8 ነው። ታሪኩ ሲተረክ «እጀታው ተነቀለ፣ ወረርሽኙ ቆመ» ይባላል። ኩርባው ላይ ሴፕቴምበር 8ን ምልክት አድርጉና እዩት። ከ143 ወርዶ 12 ደርሷል! ቁልቁለቱ የጀመረው ከአንድ ሳምንት በፊት ነው። ብዙ ነዋሪ ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ነበር። ስኖው ራሱም እጀታው ሲነቀል በሽታው አስቀድሞ ቀንሶ ስለነበር ውሃው በዚያን ቀን ገና መርዛማ መሆኑን መወሰን እንደማይቻል ጽፏል። እጀታውን መንቀል ትክክል ነበር፣ ሌላ ፍንዳታ እንዳይመጣ ይከላከላል። ለውጡን ያመጣው እሱ ነው ለማለት ግን ኩርባው አይፈቅድም። ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ ቀኑን ኩርባው ላይ በቀስት አመልክቱ የሚባለው ለዚህ ነው።

✅ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ

በ2008 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ የተከሰተውን አተት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከወረርሽኙ በኋላ በታተመ ጥናት ጸበል መጠጣትና ጥሬ አትክልት መብላት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል፤ በክሎሪን የታከመ ውሃ መጠጣትና ከሽንት ቤት መልስ እጅ መታጠብ ደግሞ መከላከያ ሆነው ታይተዋል። ከነዚህ መካከል የአንድ ቀን ድግስ የሚመስል የለም። ሰው ጸበል ዛሬም ነገም ይጠጣል፣ ሰላጣም በየቀኑ ይገዛል። እንዲህ ያለ ምንጭ የሚስለው ኮረብታ አይሆንም፤ ኩርባው ይወጣና እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይቆያል፣ የሚወርደው ምንጩ ሲዘጋ ነው። የኮንዶሚኒየም ሮቶ ቢበከልም እንደዚያው ነው፣ ሮቶው እስኪታጠብና እስኪታከም በየቀኑ አዲስ ታማሚ ይመጣል።

ሌላው የምታስታውሱት የኮቪድ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ ሆነ፣ ከ1000 ያለፈው በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። ጥቅምት 2013 ሲያልቅ ወደ 100,000 ገደማ ነበር። ዝግ ብሎ ጀምሮ እየተባዛ የሚሄድ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት በሽታ መልክ።

ግን በየምሽቱ «ባለፉት 24 ሰዓታት» እየተባለ ይነገር የነበረው ቁጥር የታመሙበትን ቀን አይደለም የሚያሳየው። የምርመራ ውጤት የወጣበትን ነው። ያ ማለት አንድ ቀን ላብራቶሪው ብዙ ናሙና ከመረመረ ዓምዱ ይረዝማል፣ ትንሽ ከመረመረ ያጥራል፣ በሽታው ግን አልተለወጠም። በነሐሴ 2012 ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ሲጀመር ቁጥሩ የጨመረው በከፊል ብዙ ስለተመረመረ ነው። መጀመሪያ ላይ «የጀመረበትን ሰዓት ጠይቁ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በለንደኑም የሚታየው ይኸው ነው፤ በታመሙበት ቀን ሲቆጠሩ ጫፉ ሴፕቴምበር 1 ላይ ነው፣ በሞቱበት ቀን ሲቆጠሩ ሴፕቴምበር 2 ላይ። የአንድ ቀን ልዩነት ለምግብ መመረዝ ሌላ ድግስ ላይ ሊወስደን ይበቃል።

⚠️ ኩርባው የማይነግረን

የታማሚው ቁጥር ጥቂት ከሆነ፣ ለምሳሌ 5 ወይም 6፣ መልኩን አትመኑት። በአጋጣሚም ኮረብታ ሊመስል ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ዓምዶች ሁልጊዜ አጭር ሆነው ይታያሉ፣ ምክንያቱም ትናንት የታመመው ሰው ገና አልተመዘገበም። «እየቀነሰ ነው» ከማለት በፊት ጥቂት ቀን ጠብቁ።

ኩርባው «ምሳው ነው» ይላል እንጂ «ክትፎው ነው» ወይም «አይቡ ነው» አይልም። ያንን ለመለየት የታመሙትንም ያልታመሙትንም ምን እንደበሉ መጠየቅና ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጤነኛውን እንግዳ ካልጠየቃችሁ መልሱ አይገኝም።

አንዱ መልክ ወደ ሌላውም ሊቀየር ይችላል። የአየር ጤናው ድግስ ካለፈ በኋላ ሐሙስና ዓርብ፣ ድግሱ ላይ ያልነበሩ ሦስት ሰዎች ቢታመሙ፣ ለምሳሌ የታመመ ልጅ ዳይፐር የቀየረች አክስት፣ ከኮረብታው ኋላ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ምግቡ አልቋል፣ አሁን ግን እየተላለፈ ነው። ምክሩም አብሮ ይቀየራል፤ ከዚያ ወዲያ ዋናው ነገር ሳሙና ነው።

📝 በግቢያችሁ ቢያጋጥም

ግቢያችሁ ወይም ዕድራችሁ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ቢታመም፣ ስልካችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ታማሚ ይህን ያዙ፦ ዕድሜ፣ የመጀመሪያው ምልክት የታየበት ቀንና ሰዓት፣ ምልክቱ ምን እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ባሉት 3 ቀናት ከሌሎቹ ጋር የበላውና የጠጣው፣ እቤቱ ሌላ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩ። የሰው ስም በግሩፕ አትለጥፉ። ዝርዝሩን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ ወይም በነፃ መስመር 8335 ደውሉ። ሰው ከረሳ በኋላ ከሚሰበሰብ መረጃ ይልቅ በዚያው ቀን የተጻፈች አንዲት ሰዓት ትበልጣለች።

ሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ የሽንት መቅረት ወይም መዝለፍለፍ ያለበት ሰው ካለ ግን ዝርዝሩ ይቆይ። ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት።

ያልገባችሁ ቦታ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ለግቢያችሁ ኮሚቴም ሼር አድርጉት።